ለእማዬ፣ ስለ ሙዳይሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ረጋ ብሎ እንዲያነብልሽ ነግሬዋለሁ።

እማዬ፣ ባለፈው ባሕር ዳር መጥቼ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ያን እሑድ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው አዲሱን ሙዳይ አዩት። አንሥተው አገላበጡት። ክዳኑን ከፍተው መልሰው ገጠሙትና «ክዳኑ እኮ ልክክ ነው ያለው! ንፋስም አያስገባ» አሉሽ። አንቺ ምን አልሽ? «ኧረ ተይኝ እቴ፣ ዓይኔ ደክሞ እንዲሁ የነካካሁት ነው። ቀለሙም አልያዘልኝም።» እሳቸው «ኧረ በእውነት ያምራል» አሉ። «ድሮ የሰፋሁትን ባየሽ» አልሽ። አሁንም ሲሞክሩ «ያንቺ ይሻላል» ብለሽ ነገሩን ወደ እሳቸው መለስሽው። ሙዳዩን ቀስ ብለው ቦታው አስቀመጡት። ሁለተኛው ሳይቀዳ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ዞረ።

ትሕትናሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ፊታቸውን አየሁት፤ ቅር ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ወስፌ ይዘው ያረጁ ሰው ናቸው። ክዳን ከአፉ ጋር ማስገጠም እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃሉ። ያዩትን አይተው ነው የተናገሩት። «ምንም አይደለም» ስትያቸው፣ ሳታስቢው ዓይናቸው እንደተሳሳተ ነገርሻቸው። ሦስት ጊዜ ለምነውሽ አልተቀበልሻቸውም።

የሚገርመኝ፣ ሰው ማመስገን ካንቺ የሚበልጥ አላውቅም። በማግሥቱ ጠዋት ዓሣ ልንገዛ ወደ ሐይቁ የወረድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ልጁ የቆሮሶውን ቆዳ ገፎ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለይ ዝም ብለሽ ታይው ነበር። ከፈልሽ፣ መልስሽን ተቀበልሽ። ከዚያ በኋላ «ልጄ፣ አጥንቱ ላይ ምንም አላስቀረህም። እጅህ ይባረክ» አልሽው። «ጎበዝ ነህ» ብለሽ ብታልፊ ለማንም የሚባል ነገር ይሆን ነበር። አንቺ ግን እጁ የሠራውን ለይተሽ ነገርሽው። ደግሞ ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድመሽ ብትዪው ኖሮ ዋጋ ልታስቀንሺው መስሎት ይጠራጠርሽ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ወጥሽን የማደንቀው ብር ሲያስፈልገኝ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነበር።

ልጁ ምን ብሎ መለሰ? «አሜን እማማ። ቢላዋውን ጠዋት ነው የሳልኩት።» ይኸው ነው። አላጣጣለውም፣ አልተኩራራምም። አንቺም ፈገግ ብለሽ መንገድሽን ቀጠልሽ።

ለሙዳዩም ይኸው ይበቃ ነበር፤ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክዳኑን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ነው የሰፋሁት።» የልፋትሽን አንድ እውነት መንገር ጉራ አይደለም። እሳቸውም «እንዴት አድርገሽ?» የሚሉት ነገር ያገኛሉ፤ ጨዋታው ይቀጥላል። የምትጨምሪው ካጣሽ «አሜን» ብቻውን ይበቃል። የእሳቸውን ስፌት ደግሞ ሌላ ቀን፣ ዓይንሽ አንድ ነገር ሲይዝ ታመሰግኛለሽ። እዚያው በዚያው ሲመለስ ብድር ይመስላል።

ዓይን እንደምትፈሪ አልረሳሁም። ሕፃን ሲያደንቁልሽ ቶሎ ብለሽ «እንትፍ እንትፍ በይበት» የምትዪው ለዚያ ነው፤ እሱን ተዪ አልልሽም። ግን የእኛ ሰው ሲያደንቅ ምርቃት ያስከትላል። «እጅሽ ይባረክ» ያለሽን ሰው «ኧረ ተይኝ» ስትዪው ምርቃቱንም አብረሽ ትመልሺያለሽ። ሸንጋይም እንዳለ አውቃለሁ። እሱ ሁሉን ነገር ያደንቃል፤ ምኑ እንዳማረው ግን አይነግርሽም፤ ትንሽ ቆይቶ ጉዳዩን ያወጣል። እሱንም «አሜን» ብትዪው ዕዳ የለብሽም።

አሁን እኔ ልሞክር። ምንም ልጠይቅሽ አይደለም፣ ብርም አልፈልግም። ሙዳዩን እኔም አንሥቼ አይቼዋለሁ። ቀዩና ጥቁሩ የሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን ዞሮ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ዓይንሽ ሲደክም ስፌቱን አልተውሽውም። ዱካሽን ወደ ደጅ አወጣሽና በጠዋት ብርሃን ብቻ መስፋት ጀመርሽ። ይህን ሳይ ልቤ ሞላ። እጅሽ ይባረክ፣ እማዬ።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ማንበብህን አቁምና እሷን ስማት። ያለችውን ሳትቀንስ ጽፈህ ላክልኝ።

ልጅሽ