የጽሑፍ ክበብ ዘገባ፦ አንድ ቅናሽ በሦስት አነጋገር

ዘንድሮ ክበባችን ግጥምም ክርክርም ሞክሯል። እኔ ግን ልጆቹን ከሁሉም በላይ ስላጨቃጨቃቸው ሥራ ላውራ።

የሌለ የልብስ ሱቅ ፈጠርን። ሱቁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጃኬትና ሹራብ በ30 በመቶ ቅናሽ ይሸጣል። ሌላው ልብስ በነበረበት ዋጋ ነው። የተገዛ ልብስ በገንዘብ አይመለስም፤ ልክ ካልሆነ ግን እስከ ማክሰኞ በሌላ መጠን ይቀየራል። ይህንኑ አንድ ቡድን ለአንድ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ፣ ሌላው ለቆዩ ደንበኞች በስልክ መልእክት፣ ሦስተኛው ለወጣቶች በፖስተር ጻፈው።

በጣም ያስቸገረው የማይመለሰው ገንዘብ ነበር። ደብዳቤው እንዲህ አለ፦ «የተገዛ ልብስ በገንዘብ የማይመለስ መሆኑን እየገለጽን፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ በሌላ መጠን መቀየር የሚቻል መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።» ደረቅ ነው፣ ግን ኃላፊው ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጠው ወረቀት ስለሆነ ያምርበታል። የደንበኞቹ፦ «ገንዘብ መመለስ አንችልም። ከጠበባችሁ ግን እስከ ማክሰኞ ይዛችሁት ኑ፣ ሰፋ ያለ እንፈልግላችኋለን።» ፖስተሩ ላይ ደግሞ ጃኬቱ ራሱ ይናገራል፦ «አንዴ ከወሰዳችሁኝ በገንዘብ አልመለስም! ከጠበብኳችሁ ግን እስከ ማክሰኞ በታላቅ ወንድሜ ቀይሩኝ።» ይቺን ያመጣችው ልጅ ክበቡ ውስጥ ብዙም የማትናገር ናት።

እዚህ እስኪደርሱ ግን ሁለቱ ቡድኖች ተቸግረዋል። የደብዳቤው ልጆች «በታላቅ ደስታ»ውን ሲደረድሩ ቀኑ አምስተኛው መስመር ላይ ደረሰ። በዚያ ላይ ኃላፊውን «እርስዎ» ብለው ጀምረው መጨረሻ ላይ «እንዳትቀር» አሉት! የመልእክቱ ቡድን ብዙም አልተቸገረም፤ እንደሚያወሩት ነው የጻፉት። የፖስተሩ የመጀመሪያ ቀልድ በወፍራም ሰው ላይ ነበር። አስወጣነው፤ በልብሱ ቢቀለድ ገዢው ይስቃል፣ በገዢው ከተቀለደ ግን ሱቁን ጥሎ ይሄዳል።

ከዚያ ማጣሪያው መጣ። አንዱ ቡድን የሌላውን ጽሑፍ አንዴ አንብቦ ይከድነዋል፣ ከዚያ መቼ ነው፣ የትኛው ልብስ ነው፣ ቅናሹ ስንት ነው፣ ልብሱ ቢጠብ ምን ይደረጋል ተብሎ ይጠየቃል። የሦስቱም አንባቢዎች መልስ አንድ ካልሆነ የሆነ ቦታ መረጃ ወድቋል ማለት ነው። የወደቀው ፖስተሩ ላይ ነበር። «ሱቁ አብዷል፣ 30 በመቶ ቀንሷል!» ይላል፤ ቤት ይመታል፣ አንባቢዎቹ ግን ሱሪም የረከሰ መሰላቸው። ልጆቹ ቤት መምቻዋን ላለመልቀቅ ተሟገቱ፣ እኔም በልቤ አዘንኩላቸው። በመጨረሻ ከሥሯ አንድ ሱሪ ሳሉ፤ አኩርፎ እንዲህ ይላል፦ «እኔን አትዩኝ፣ የቀነሱት ጃኬትና ሹራብ ናቸው።» ድጋሚ ሲፈተን ስለ ሱሪ የተሳሳተ አልነበረም። ሦስቱም ጽሑፎች ክበቡ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል።