«እስኪቆም ድረስ» ያላችሁት ነገር 7 ፍሬ አስቀረብኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች ተቅማጥና ስለ ዚንክ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከስንት ጊዜ አንዴ የእኛ ሥራ ጋዜጣ ላይ ወጣ ብዬ። ከዚያ «ተቅማጡ እስኪቆም ድረስ በቀን አንድ ፍሬ ይስጡት» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ሻዬን አስቀመጥኩት።

ሌላውን ልተወው። ዚንክን «ቪታሚን» ማለታችሁን ልተወው፤ ማዕድን ነው፣ እንደ ብረት። ስለ ገጠር እናቶች ስትጽፉ ያነጋገራችሁት ሰው ሁሉ ከተማ የተቀመጠ መሆኑንም ለጊዜው ልተወው። ጠቤ ከዚያች «እስኪቆም ድረስ» ከምትል ቃል ጋር ነው።

እኔ በአንድ የገጠር ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዚንክ ከሰጠሁ በኋላ ቤት ድረስ ሄጄ እሽጉን አምጡ እላለሁ። የቀረውን ፍሬ እቆጥራለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ «ቆጣሪዋ መጣች» ይላል። ይበሉኝ።

ሰኞ ዕለት የ14 ወር ልጅ ተቅማጥ ይዞት መጣ። ዓይኑ አልጎደጎደም፣ ሆዱን ቆንጠጥ ሳደርገው ቆዳው ቶሎ ይመለሳል፣ ውኃም ይጠጣል። ሰገራው ደም የለውም። ኦአርኤስ ሰጠሁ፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። ከዚያ 10 ፍሬ ዚንክ፣ እያንዳንዱ 20 ሚሊግራም። የመጀመሪያውን እዚያው ጤና ኬላው ውስጥ እናቲቱ የጡቷን ወተት በሻይ ማንኪያ አልባ ፍሬውን ጨመረችበት። ሟሟ። ልጁ ዋጠው፣ ፊቱን አኮማተረ፣ ወዲያው አስመለሰው። ብረት ብረት ስለሚል ብዙ ልጆች ያስመልሳሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ መድገም ነው። ትንሽ አሳርፈን ሌላ ሰጠነው፣ ያስመለሰውን ከእኔ ተክቼላት 10ሩን ሞላሁ።

ሐሙስ ሄድኩ። ልጁ ይጫወታል። ሰገራው ጠና ብሏል። እሽጉስ? አያቱ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አሳዩኝ፤ 7 ፍሬ ቋጥረው ይዘዋል። «ለሚቀጥለው ጊዜ ነው የኔ ልጅ፣ ይኼ እንደሆነ ዳነ።» ኧረ እማማ አይሆንም ስላቸው የሰፈሩን ተማሪ ጠሩት። እሱም በስልኩ የእናንተን ዘገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። እስኪቆም ድረስ። እማማም «ይኸው፣ የተጻፈ ነው» አሉኝ። የ11 ዓመት ሥራዬ በአንድ መስመር ተሸነፈ። እጅ አሰጣችሁኝ።

እስቲ በጨዋ ደንብ እንነጋገር። በቀን አንድ ፍሬ፣ ለምን 10 ቀን ሙሉ ሆነ?

አንጀት ውስጡ ልሙጥ ቱቦ አይደለም። እንደ ምንጣፍ ጸጉር ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ጥቃቅን ጣቶች አሉት። ምግብና ውኃ የሚመጠጠው በእነሱ ነው። ወተት የሚያፈጨው ኢንዛይምም እነሱ ላይ ነው ያለው። ተቅማጥ የሚያመጣው ሮታ ቫይረስ ሲገባ የጣቶቹን ጫፍ ይልጠዋል። ያኔ ውኃው ሳይመጠጥ ያልፋል፣ ያልተፈጨው ስኳርም ጭራሽ ውኃ እየሳበ ይወርዳል። ይኼ ነው ተቅማጡ።

ጥገናው የሚጀምረው ከታች ነው። በጣቶቹ ሥር ባሉ ጉድጓዶች አዳዲስ ሴሎች ይወለዳሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጥተው የተላጠውን ይሸፍናሉ፤ ጉዞው በጤናው ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። ሴል ለመከፈል ዚንክ ይፈልጋል። የዘር መልእክቱን የሚገለብጡት ኢንዛይሞች ያለ እሱ አይሠሩም። በሴልና በሴል መካከል ያለው ስፌት እንዳይላላ የሚረዳውም እሱ ነው። ስፌቱ ከላላ ውኃ ወደ ውጭ ያፈሳል።

ችግሩ ሰውነታችን የዚንክ ጎተራ የለውም። ስብ ይከማቻል፣ ብረትም ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። ዚንክ ግን ከዕለት ወደ ዕለት የሚኖር ነው፣ ተቅማጡ ደግሞ ያለችውን ጠርጎ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ልጁ ከመጀመሪያውም ደህና አልነበረም። የሚበላው በቆሎና ስንዴ፣ ሥጋ በዓመት በዓል። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ዚንኩን አንቆ ይይዝበታል። ስለዚህ ግንበኛው ሥራ በበዛበት ሰዓት ሲሚንቶው አለቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሰገራው ጠና ማለት ግድግዳው ተሠርቶ አለቀ ማለት አይደለም። ቀዳዳው ተደፈነ፣ ልስኑ ገና ነው፣ ዕዳውም አልተከፈለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት የጋራ መግለጫ ከ10 እስከ 14 ቀን ያሉት ለዚህ ነው። እስከ መጨረሻው የወሰደ ልጅ በቀጣዮቹ ከ2 እስከ 3 ወራት ተመልሶ የመያዝ ዕድሉ እንደሚቀንስም እዚያው ላይ አለ። እኔ ለማስረጃ የራሴን ልጅ አልጠራም ብዬ ነበር። ግን ልጥራት። ሥራውን ሳልጀምር፣ መድኃኒት የሰጠኝ ሰው «ሲሻላት አቁሚው» አለኝ። አቆምኩ። በ3 ሳምንቷ ተመለሰባት። በዚያ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፤ የአንድ ልጅ ነገር ማስረጃ አይሆንም። እናንተ ግን ያለ አንድም ልጅ ነው የጻፋችሁት።

ደግሞ «በአንድ ሌሊት ያቆማል» ብላችኋል። በአንድ ሌሊት! ያ ዚንክ የሚሸጥበትን ቦታ ንገሩኝና ተሰልፌ ልግዛ። የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ያሳዩት ከ6 ወር በላይ ለሆኑ ልጆች በአማካይ ግማሽ ቀን ያህል ማሳጠሩን ነው። ለተጎዱ፣ ክብደታቸው ለቀነሰ ልጆች አንድ ቀን ገደማ። ከ6 ወር በታች ላሉት ማሳጠሩ በግልጽ አልታየም፤ ለእነሱ መመሪያው የሚለው በቀን ግማሽ ፍሬ ነው። ግማሽ ቀን ለጋዜጣ ርዕስ ትንሽ ነው፣ ይገባኛል። አንድ ሌሊት የተባለች እናት ግን ጠዋት ሲያስቀምጠው ዚንኩን ትጥልና አንቲባዮቲክ ልትገዛ ትሮጣለች። ዚንክ የፈሰሰውን ውኃ አይተካም፣ እሱ የኦአርኤስ ሥራ ነው። ሰገራው ላይ ደም ካለ ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተው ጤና ጣቢያ ነው፣ እኔም አላቆየውም።

እኛን አለመጥራታችሁን ልተወው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ዘገባው ውስጥ «ባለሙያዎች» የሚል ቃል አምስት ጊዜ አለ። እኔ ቆጥሬአለሁ፣ መቁጠር ሥራዬ ነው። ከአምስቱ አንዱ ፍሬውን በማንኪያ አሟሙቶ ሕፃን አፍ ውስጥ አስገብቶ ቢያውቅ ኖሮ «እስኪቆም» አይልም ነበር።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ዘገባው የወጣበት ቦታ ላይ አውጡት፣ ገጽ ታች ጥግ ላይ አይደለም። ተማሪው እንዲያገኘው ነው። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ሦስቱን ፈትተው ሰጥተውልኛል፣ ልጁ እስከ ትናንት 6 ወስዷል። አራቱን ግን የተጻፈ ካላየሁ አልፈታም ብለዋል።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣
ከገጠር ቀበሌ