የኢኮኖሚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ ሺህ ብር ስንት ጊዜ ይጠፋል?

ክበባችን ጥቅምት ላይ በ23 አባላት ተጀምሮ ግንቦት ላይ በ14 ተጠናቋል። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከቤተ ሙከራው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተሰብስበናል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሽንኩርትን ዋጋ በየሳምንቱ ከገበያ እየመዘገብን በሰሌዳ ላይ ለጥፈናል። አንድ ባንክ ለመጎብኘት የጻፍነው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ዓመቱ አልቋል። ለዘገባ ያህል ይኸው ነው። ብዙ ያከራከረን ግን አንድ ሌላ ደብዳቤ ስለነበር የቀረኝን ገጽ ለእርሱ እሰጣለሁ።

የጻፍኩት ለአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ከ30 ያገኘው 9 ነበር። ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ መጽሐፉ ለውስንነት የሰጠውን ትርጉም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳያጎድል ሸምድዶታል። ይሁን እንጂ «በነዳጅ የበለጸገች አገር የሀብት ውስንነት የለባትም» ለሚለው ጥያቄ «እውነት» ብሎ መለሰ። ከሦስት አማራጮች አንዱን የመረጠ ሰው ምን እንዳጣ ሲጠየቅ ደግሞ የቀሩትን ሁለቱን ደምሮ ጻፈ። ጓደኞቹ ፊት ላርመው አልፈለግሁምና በወረቀት አስረዳሁት። እርሱም እናቱም ስለፈቀዱልኝ ስሙንና ሰላምታውን ትቼ አትሜዋለሁ።

«ትርጉሙን ለጊዜው እርሳውና የአንድ ቤት የወር ወጪ እንቁጠር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። በወር 14,000 ብር ይገባቸዋል። ኪራይ 5,000። ጤፍ 25 ኪሎ በ3,500። ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬና ሽንኩርት 2,400። መብራት፣ ውሃና ከሰል 700። ትራንስፖርት 900። የልጆች ደብተርና እስክሪብቶ 400። እቁብ 1,000፣ እድር 100። ደምረው፤ ልክ 14,000 ይመጣል።

«በዚህ መሀል የትልቁ ልጅ ጫማ ተቀደደ። አዲሱ 1,000 ብር ነው። ልብ በል፣ ጫማ ከገበያ አልጠፋም፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተደርድሯል። ስለዚህ የጫማ እጥረት የለም። እጥረት የሚባለው በተተመነው ዋጋ ሊገዛ የመጣ ሰው ዕቃውን አጥቶ ሲመለስ ነው፤ ሸማቾች ማኅበር ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈህ ተራህ ሳይደርስ ሲያልቅብህ ማለት ነው። እርሱ ስኳሩ በብዛት ሲመጣ ወይም ዋጋው ከፍ ሲል ያልፋል። የዚህ ቤት ችግር ግን ሌላ ነው። ያው 1,000 ብር ጫማም፣ የምጣድ ማሠሪያም፣ የእቁብ መክፈያም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊሆን ግን አይችልም። ውስንነት የምንለው ይህንን ነው።

«ደመወዙ 20,000 ቢሆንስ? ጫማው ይገዛል፤ ምጣዱም ይሠራል። ወዲያው ግን ሁለት ክፍል ቤት እንከራይ ወይስ ልጆቹን የግል ትምህርት ቤት እናስገባ የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ያንተም የነዳጅ አገር እንዲሁ ናት። ኩዌትን ውሰድ። የሚጠጣውን ውሃ በአብዛኛው የምታገኘው የባሕር ውሃን ጨው አስወግዳ ነው፤ ለዚያ የምታነደውን ነዳጅ ደግሞ ለውጭ ገበያ ልትሸጠው ትችል ነበር። የሚጠጣ ነዳጅ የለም፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማቃጠል አለባት። መልሱ «ሐሰት» የሆነው ለዚህ ነው።

«አሁን ወደ ደመርከው እንምጣ። እናትየው በልባቸው ተራ አውጥተዋል እንበል፦ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ማሠራት፣ ከዚያ እቁብ። ጫማውን ገዙ። ምን አጡ? አንተ ምጣዱንም እቁቡንም ብለህ ትጽፋለህ። ግን ጫማውን ባይገዙ ኖሮ በዚያው 1,000 ብር ሁለቱንም ያገኙ ነበር? አያገኙም፤ ምጣዱን ብቻ ነበር የሚያሠሩት። ስለዚህ የጫማው ዋጋ ያልተሠራው ምጣድ ነው፣ ሌላ አይደለም። የታለፈ አማራጭ ዋጋ ማለት ይህ ነው፤ ካለፉት ሁሉ የተሻለው አንዱ ብቻ። አንድ ሺህ ብር ሁለት ጊዜ አይጠፋም። ይህንን ወረቀት ለእናትህ አሳያቸውና የሚሉህን ንገረኝ።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እንደ ዋዛ ነበር። እናቱ ግን ለወላጆች ስብሰባ ሲመጡ ወረቀቱን አጣጥፈው በቦርሳቸው ይዘውት መጡ። «መምህር፣ እርስዎ እቁብ ገብተው አያውቁም መሰለኝ» አሉኝ። እቁብ እንደ ጫማና እንደ ምጣድ በየወሩ የሚመረጥ ነገር እንዳልሆነ አስረዱኝ። ዕጣ የወጣለት ሰው የእያንዳንዱን መዋጮ ይጠብቃል፤ ዳኛው ጋ ዋስ የተጠራበት ነገር ነው፤ ምርጫው ያለቀው የገቡ ዕለት ነው። እድርም እንዲሁ።

እሺ፣ ጫማው በምን ይገዛል ብዬ ጠየቅኋቸው። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው አሰሉልኝ። ከ25 ኪሎው ጤፍ 7 ኪሎ ይቀንሱና በምትኩ 7 ኪሎ ማሽላ ይቀላቅላሉ። ጤፉ በእኔ ቁጥር ኪሎው 140 ብር ነውና 980 ብር ይተርፋል፤ ማሽላውን ኪሎውን በ60 አስበው 420 ያወጣሉ። የተረፈው 560 ነው። የጎደለውን 440 ከትራንስፖርቱ ያመጡታል፤ ልጆቹ ሲመለሱ በእግራቸው ይመጣሉ። «እንጀራው በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፤ ፍርፍር ይሆናል» ብለው ሳቁ።

እኔ ስጽፍ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይዞ ሌላውን ሙሉ በሙሉ እንደሚጥል አድርጌ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ቆነጠሩ። መጽሐፉም በኋላ ምዕራፎቹ ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚመርጠው በአብዛኛው ጤፍ ወይስ ጫማ ብሎ ሳይሆን አንድ ኪሎ ልጨምር ወይስ ልቀንስ ብሎ ነው። የጫማውም እውነተኛ ዋጋ ተለወጠ፤ የደረቀ እንጀራና የልጆቹ እግር ሆነ። ደብዳቤዬ ውስጥ ያለውን ስሌት ለቀላል ምሳሌነቱ አሁንም አልጥለውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የእናትየውን አስከትዬ ነው የማስተምረው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ይህንን ለክበቡ ሳነብ አንዲት አባል «ታዲያ መንግሥት ብር አትሞ ለምን ለሁሉም አይጨምርላቸውም?» ብላ ጠየቀች። ደብዳቤው የማይመልሰው ጥያቄ ነው። ቤተሰብ ብር ማተም አይችልም፤ አገር ትችላለች። ነገር ግን ወረቀቱ ሲበዛ ጤፉ ያው ከሆነ የኪሎው ዋጋ ነው የሚወጣው። በሌላ በኩል ሁሉም ቤት ወጪውን አንድ ላይ ቢቀንስ የጫማ ሻጩ ገቢ ይወርዳል፤ የእርሱም ቤት ከጤፉ ላይ መቆንጠር ይጀምራል። የአንድ ቤት ሒሳብ የአገርን ሒሳብ እስከ መጨረሻው አያስረዳም። በዚህ ላይ ሁለት ሐሙስ ተከራክረናል።

ተማሪው በሁለተኛው ፈተና ከ30 17 አመጣ። ስለ ታለፈ አማራጭ የተጠየቀውን በትክክል ሠርቶ፣ እጥረትና ውስንነትን ግን አሁንም አንድ ቦታ ላይ አቀላቅሏል። ከየካቲት ጀምሮ ክበቡ ውስጥ ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ መዝገቡን የሚይዘው እርሱ ነው። የሻጮቹን ሚዛን አላመንኩትም እያለ ሲያስቸግረን ከርሟል።

በክበቡ ሣጥን ውስጥ 620 ብር ቀርቷል። ግማሾቹ የራሳችንን የእጅ ሚዛን እንግዛ ይላሉ፤ የቀሩት የዋጋ ሰንጠረዡን አባዝተን ለየክፍሉ እናድል ባዮች ናቸው። ለሁለቱ አይበቃም። ድምፅ ሲሰጥ ሰባት ለሰባት ሆነ፤ እኔ ድምፅ የለኝም፤ ጉዳዩ ለመስከረም ተላልፏል።