ሦስቱን ሳፋ አንድ አታድርጓቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ውሃ ቁጠባ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «የልብስ ውሃ አትድፉ፤ ለወለልና ለሽንት ቤት አውሉት» የሚለውን ምክር አንብቤ ነው። ምክሩን አልቃወምም። ከዚራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላና ፎጣ አጥባለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በድሬዳዋ ያ ሁሉ ውሃ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ማየት እኔንም ያንገበግበኛል። ቅር ያለኝ እጣቢውንና ማለቅለቂያውን ሳትለዩ «የልብስ ውሃ» ብላችሁ ማለፋችሁ ነው። ጎረቤቴም ጽሑፉን ሳነብላት «አቦ፣ ውሃ ውሃ ነው!» ብላ የኦሞውን እጣቢ ሳሎን ልታፈስ ነበር።

በእጅ ስናጥብ ብዙዎቻችን ሦስት ሳፋ እንደረድራለን። አንዱ ማጠቢያ፣ ሁለቱ ማለቅለቂያ ናቸው። በመጀመሪያው ሳፋ 20 ሊትር ውሃ ላይ 100 ግራም ዱቄት ሳሙና በጥብጠን 4 ኪሎ ልብስ አጠብን እንበል። በእጅ ደህና ተደርጎ የተጨመቀ የጥጥ ልብስ የክብደቱን ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል፤ እዚህ ላይ 4 ሊትር ገደማ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ 20 ግራም ሳሙና አብሮ ይሻገራል። ሁለተኛው ሳፋ 20 ሊትር ንጹህ ውሃ ከያዘ ሳሙናው በሊትር ከ1 ግራም በታች ይወርዳል። እንደገና ጨምቀን ወደ ሦስተኛው ስናሻግር በዚያ ሳፋ ውስጥ በጠቅላላው የሚገኘው 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሳንጨምቅ፣ እያንጠባጠበ ብናሻግረውስ? ልብሱ 8 ሊትር ይዞ ቢሄድ ሦስተኛው ሳፋ 11 ግራም ያህል ሳሙና ይኖረዋል። በውሃው መጠን ላይ ምንም ለውጥ ሳይኖር ሳሙናው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ለወለል ይሁን አይሁን የሚወስነው ከማለቅለቁ በፊት ያለው ጭመቃ ነው።

እኔ ለወለል የማውለው የመጨረሻውን ሳፋ ብቻ ነው። ሳሙና የበዛበት ውሃ ሊሾም ሆነ ሴራሚክ ላይ ሲወለወል በድሬ ሙቀት ውሃው ወዲያው ይተንና ሳሙናው ይቀራል። ያ ስስ ልባስ አቧራ ይይዛል፤ ጠዋት የተወለወለው ቤት ከሰዓት በኋላ የእግር ዱካ ይታይበታል። በማግስቱ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል። ልብስ ማለስለሻ የገባበት ውሃ በተለይ ለወለል አይሆንም። ማለስለሻ የሚጨመረው በመጨረሻው ሳፋ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ጨርቅ ላይ ቀርቶ እንዲያለዝብ ስለሆነ ሴራሚክ ላይም ያንኑ ያደርጋል። አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውሃው ሳሙና መያዙን ለማወቅ ብዙ ሰው የሚነግራችሁ ዘዴ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅ ነው፤ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ ለወለል አይሆንም ይባላል። ለዱቄት ሳሙና ይህ ይሠራል። በደረቅ ሳሙና ለታጠበ ልብስ ግን የድሬ ውሃ ያታልላል። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃችን ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረውም እሱ ነው። ደረቅ ሳሙና ካልሲየም ሲያገኘው አረፋው ይሞትና ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። ጠርሙሱን ብትነቀንቁት አረፋ አታዩም፤ ሳሙናው ግን መልኩን ቀይሮ እዚያው አለ። እዚህ ላይ የሚታየው የሳፋው ጠርዝ ነው። ውሃው በቆመበት ልክ ዙሪያውን ቅባት የመሰለ ግራጫ መስመር ካሰመረ ወለሉም ላይ እንደዚያው ያደርጋል።

ሌላም መንገድ አለ። ጥቁር ሳህን ላይ ከማለቅለቂያው አንድ ጠብታ፣ ከጎኑ ከቧንቧው አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የቧንቧው ውሃም ነጭ ክብ ይተዋል፤ እሱ ግን ደረቅና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ነው። የማለቅለቂያው ምልክት እርጥብ ጣት ሲነካው ሙልጭልጭ ካለ ወደ ሽንት ቤት ይሂድ። አዲስ ድሪያ ወይም ቀለም የሚለቅ ፎጣ የታጠበበት ውሃም ሊሾ ያበላሻል። የሕፃን ጨርቅና የታመመ ሰው አንሶላ የተለቀለቀበት ደግሞ ሳሙናው አለቀም አላለቀ ቤት አይወለወልበትም።

ለሽንት ቤት መስፈርቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ይሆናል፤ ውሃ ከጠፋ እጣቢውም ያገለግላል። ለመቀመጫው ዓይነት 5 ወይም 6 ሊትር በባልዲ ከፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው፤ በጆግ እየቆጠቡ ማፍሰስ ውሃውን ከመጨረስ በቀር የሚገፋው ነገር የለም። ከመቀመጫው ኋላ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ግን አትጨምሩት። የጨርቅ ብናኝና ያ ግራጫ ዝቃጭ ከታች ያለው ጎማ ላይ ተለጥፎ እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ ከዚያ በፈረቃ የመጣው ንጹሕ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል። በዚያ ላይ ፈረቃው ሲያልፍ መስመሩ ወደ ኋላ ሊስብ ይችላል፤ ውሃ ማስገቢያው ቆሻሻው ውሃ ውስጥ ከሰጠመ ወደ ቧንቧው የሚመለሰው ምን እንደሆነ አስቡት።

ጽሑፋችሁ ያልነካው ትልቁ ነገር በረኪና ነው። ነጭ አንሶላ በበረኪና የተዘፈዘፈበትን ውሃ ሽንት ቤት ከመድፋታችሁ በፊት እዚያ ውስጥ አሲድ ፈሶ እንደሆነ ጠይቁ። በየሱቁ በጠርሙስ የሚሸጠው የሽንት ቤት አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ያስላል፤ ጠባብና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ያልፈሰሰ የቆየ ሽንትም ከበረኪና ጋር የሚያበሳጭ ጋዝ ያወጣል። ከተለቀለቀበት ይልቅ የተዘፈዘፈበት ውሃ የከፋ ነው። ሽታው ከመጣባችሁ ላጥበው፣ ልጨምርበት ሳትሉ ውጡና በሩን ክፍት ተዉት። እኔ አሲድ በተጠቀምኩበት ቀን የበረኪናውን ውሃ ወደዚያ አላስጠጋም።

ስለ ማስቀመጥ ደግሞ «አጠራቅሙት» ብላችኋል። በእኛ ሙቀት ይህ ውሃ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ይሸታል፤ ወለል ላይ ቢሄድ ሽታው ቤት ይገባል። ክፍቱን የተተወ በርሜል ደግሞ የትንኝ ቤት ነው። በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ከተማችንን እንዴት እንዳመሰ የድሬ ሰው አልረሳም (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝም፣ በከተማ ወባን የምታዛምተው አዲሷ ትንኝም ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ይራባሉ፤ በሙቀት ከእንቁላል ተነስተው ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃቸዋል። በዕለቱ የማይሠራበት ትርፍ ካለ ክዳን ባለው ጀሪካን ይግባና በማግስቱ ሽንት ቤት ይለቀቅ፤ ለወለል አይመለስ።

ምክሩን እንደገና የምታወጡት ከሆነ የበረኪናውንና የአሲዱን ነገር ከላይ፣ በደማቁ ጻፉልን። የሌላው ስህተት ሴራሚክ ያበላሻል፤ የዚህኛው ግን ሳንባ ይጎዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን