ለደንበኞቻችን፦ ቲማቲሙ ውሃ እየጠጣ ለምን ይጠወልጋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የቲማቲም ችግኝ የምትወስዱ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ታነሳላችሁ። «ችግኙ ጥሩ ነበር፤ ውሃም ማዳበሪያም አላጣም። ቀትር ላይ ግን ይጠወልጋል፤ ማታ ይመለሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ፍሬውም አነሰ።» ማሳው ሁሉ እንዲህ ቢሆን ሌላ ነገር እንጠረጥር ነበር። የምትነግሩን ግን እዚህም እዚያም ቦታ እየለየ ስለሚታይ ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ውሃው በሚገባበት በኩል ወይም የእርሻውን መስመር ተከትሎ ይረዝማል። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ የምንለው «ሥሩን ቆፍራችሁ አይታችኋል?» ነው።

ከአፈር በታች ያለው ጥፋተኛ የሥር ቋጠሮ ኔማቶድ ይባላል። በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ከእንቁላል ሲወጣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ዝርያዎች ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ ናቸው። ሙቀትና አሸዋማ አፈር ይስማማቸዋል። መስኖው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥር ያቀርብላቸዋል።

ትሉ በሥሩ ጫፍ አካባቢ ይገባና አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። የሥሩን ሕዋሳት አሳብጦ የምግብ ማዕድ ያደርጋቸዋል። ያ ቦታ ነው ቋጠሮ ሆኖ የሚታየው። ሴቷ ከዚያ ወዲያ አትንቀሳቀስም፤ እዚያው ወፍራና ክብ ሆና በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። አፈሩ ሞቃት ከሆነ ከእንቁላል እስከ እንቁላል አንድ ወር ገደማ ይበቃል። ቲማቲም ደግሞ ማሳ ላይ አራት ወር ያህል ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ሰብል ዕድሜ ሦስት ወይም አራት ትውልድ ይደራረባል። ሲተከል ጥቂት የነበረው ትል ሲለቀም አፈሩን የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥሩን ስታዩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ተክሉን ጎትታችሁ አትንቀሉት። ቀጭኑ ሥር ከነቋጠሮው ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ እናንተም ንጹሕ ነው ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በአካፋ ከዙሪያው ቆፍሩና ከነአፈሩ አንሡት። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሩት፤ አፈሩ በራሱ ይልቀቅ። ጤነኛ ሥር ቀጭንና ለስላሳ ነው። የተጠቃው ግን እዚህም እዚያም ያበጠ፣ ቋጠሮው እርስ በርሱ የተያያዘ፣ አንዳንዴም እንደ ዝንጅብል የተጠማዘዘ ነው። ቋጠሮው ላይ ቡናማ ነጥብ ካያችሁ የእንቁላል ከረጢቱ ነው።

ፎሶሊያ፣ ቦሎቄና ኦቾሎኒ ላይ ግን አትቸኩሉ። እነዚህ ሰብሎች ናይትሮጅን የሚሰበስብ የራሳቸው ጠቃሚ እባጭ አላቸው። መለየቱ ቀላል ነው። ጠቃሚው እባጭ በሥሩ ጎን የተለጠፈ ነው፤ በጣት ብትገፉት ይወልቃል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ነው። የኔማቶዱ ቋጠሮ ግን ራሱ ሥሩ ነው ያበጠው። ሥሩን ሳትቆርጡ አታወልቁትም።

ሥሩ ጤነኛ ሆኖ ተክሉ በድንገት አረንጓዴ እንደሆነ ከጠወለገ ሌላ በሽታ ፈልጉ። ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ክር ቢወርድ ባክቴሪያ ያመጣው አጠውላጊ በሽታ ነው። የሱ መፍትሔ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችሁ «እኔ እኮ ሰብል አፈራርቃለሁ» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ ታፈራርቃላችሁ። ጥያቄው ትሉ ያንን እንደ ለውጥ ያየዋል ወይ ነው። ይህ ኔማቶድ ከሁለት ሺህ በላይ የተክል ዓይነቶች ላይ መኖር ይችላል። ስለዚህ ከቲማቲም ወደ ፎሶሊያ፣ ከፎሶሊያ ወደ ዱባ፣ ሐባብ ወይም ካሮት መዞር ለእሱ ረሃብ አይደለም። በርበሬና ቃሪያም ቢሆኑ ለኢንኮግኒታ ይመቹታል።

የሚያታልለው ግን በቆሎ ነው። በክረምት በቆሎ ዘርቶ «መሬቱ አረፈ» ማለት የተለመደ ነው። ሥሩን ብትቆፍሩም ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ በቆሎ ላይ ቋጠሮው በጣም ትንሽ ነው ወይም ጨርሶ የለም። ነገር ግን ብዙዎቹ የበቆሎ ዝርያዎች ትሉን ያራባሉ። ምልክቱን ያላሳየ ሰብል ትሉን አልመገበም ማለት አይደለም። ሽንኩርትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም።

አንድ ደንበኛችን ከመስኖ ቦይ አጠገብ ግማሽ ሄክታር መሬት አላቸው። በበጋ ቲማቲም፣ በክረምት በቆሎ፣ ቀጥሎ ፎሶሊያ፣ ከዚያም እንደገና ቲማቲም ያለማሉ። በእሳቸው ዓይን ሦስት ሰብል ነው፤ በትሉ ዓይን ያልተቋረጠ ግብዣ ነበር። ቦዩ በሚገባበት ጫፍ ላይ ያለው ቲማቲም ከአበባ በኋላ ማደግ አቆመ። ሥሩ ሲታጠብ ሁሉም ቋጠሮ ሆኖ ተገኘ። ዩሪያ ጨምረውበት ነበር፤ ግን ያበጠ ሥር ውሃና ምግብ በደንብ አያሳልፍም፤ ወጪው ባከነ።

አብረን ያደረግነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ለቀማ እንዳለቀ ተክሉ ማሳ ላይ እንዳይቆይ አደረግን። ገበያው ወርዶ ቲማቲሙ ቢተውም ሥሩ እስካልሞተ ድረስ ትሉ መራባቱን ይቀጥላል። ሥሩ በአካፋ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ደረቀና ተቃጠለ። ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ አልተጣለም።

በሰኔ በበቆሎው ፋንታ ኦቾሎኒ ተዘራ። ኦቾሎኒ ኢንኮግኒታን አያራባም፤ ከጃቫኒካም አብዛኛው አይራባበትም። እዚህ ጋ ማፈራረቅ እንዴት እንደሚሠራ ግልጽ ይሆናል። ከእንቁላል የወጣው ትል የሚኖረው በሰውነቱ ውስጥ ባለው ስብ ብቻ ነው። ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር ፍለጋ ሲንቀሳቀስ ስንቁ ቶሎ ያልቃል። ወደ ኦቾሎኒ ሥር ቢገባ እንኳ ማዕዱን መሥራት አቅቶት በረሃብ ይሞታል። ግን እንቁላሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈለፈልም። ስለዚህ አንድ ወቅት ቁጥሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሁለት ተከታታይ ወቅት በጣም ይሻላል። ኦቾሎኒን የሚያጠቁ ሌሎች የኔማቶድ ዝርያዎችም ስላሉ፣ በተለይ ቀዝቀዝ ባለ ደጋ የምታርሱ ደንበኞቻችን የኦቾሎኒውንም ሥር እየቆፈራችሁ እዩ።

ክረምቱን ሙሉ ትልቁ ሥራ አረም ነበር። አውጥ፣ አሉማና በራሱ የበቀለ ቲማቲም በኦቾሎኒው መካከል ከቀሩ ማፈራረቁ ከንቱ ነው። ትሉ የሚፈልገው ሥር እንጂ የዘራነውን ሥር አይደለም።

ኦቾሎኒው በጥቅምት መጨረሻ ተነቀለ። በኅዳር ማሳው ሁለት ጊዜ ታርሶ አፈሩ ለደረቅ ፀሐይ ተጋለጠ። መድረቅ ትሉንም እንቁላሉንም ይገድላል፤ ግን ማረሻው እስከገለበጠው ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በግምት አልተከልንም። ይህን ፍተሻ ሁላችሁም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከመትከል ሁለት ወር ገደማ በፊት በማሳው ላይ እየተጠማዘዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ አፈር ውሰዱ። ከላይ ያለውን ደረቅ አፈር ግፉትና ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን እርጥብ አፈር ያዙ። በባልዲ ደባልቁት፤ ፀሐይ ላይ አታቆዩት። በሦስት ወይም አራት የችግኝ ፕላስቲክ ሞልታችሁ ቋጠሮ የማይቋቋም ተራ የቲማቲም ችግኝ ትከሉበት። አንድ ፕላስቲክ ደግሞ በተቀቀለ አፈር ሙሉና ያንኑ ችግኝ ትከሉ። ሞቃት ቦታ አድርጋችሁ እያጠጣችሁ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ ሥሩን በውሃ እጠቡና ቋጠሮውን ቁጠሩ። የተቀቀለው አፈር ላይ ቋጠሮ ከወጣ ችግኙ ራሱ ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው፤ ፍተሻው ይደገማል። እኛ ችግኝ የምናፈላው ከመሬት ተነጥሎ በተቀመጠ ትሪ ላይ፣ ከኮኮናት ቅርፊት በሚሠራው ኮኮፒት ነው፤ ቢሆንም ይህን ማነጻጸሪያ አትዝለሉት።

በዚያ ማሳ ከማፈራረቁ በፊት በተሠራው ፍተሻ ቋጠሮው ከሚቆጠር በላይ ነበር። ከኦቾሎኒውና ከእርሻው በኋላ በየሥሩ ሦስት አራት ቋጠሮ ብቻ ታየ። በጥር መጨረሻ ቲማቲም ተተከለ። ችግኙ በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሳምንታት ትሉ ብዙ ሳይነካው ሥሩን ዘረጋ። ምርቱን የሚወስነው ያ ጊዜ ነው፤ ሥሩ ከሰፋ በኋላ የሚመጣ ትል የሚያደርሰው ጉዳት በጣም ያነሰ ነው። በቦዩ ጫፍ ያለው ቲማቲም እንደሌላው ሁሉ ተለቀመ። ግን በመጨረሻው ለቀማ ሥሩ ሲቆፈር ቋጠሮው ተመልሶ ነበር። ለዚህ ነው በዚያ መሬት ቲማቲም በተከታታይ እንዳይተከል የመከርናቸው።

ቋጠሮን የሚቋቋሙ የቲማቲም ዝርያዎች ችግኝም አለን። ዋጋቸው ከፍ ይላል። በደንብ ይሠራሉ፤ ነገር ግን የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ መቋቋማቸው ይዳከማል። በየዓመቱ እነሱኑ ብቻ መትከልም የሚሰብራቸውን ትል እየመረጡ ማራባት ነው። የማፈራረቁ አንድ ዙር አድርጋችሁ ውሰዷቸው እንጂ በማፈራረቁ ፋንታ አትያዟቸው። ሜሪጎልድ የሚባለው ብርቱካናማ አበባም ትሉን ይቀንሳል፤ ግን ከቲማቲሙ ቀድሞ መሬቱን ሙሉ ሸፍኖ ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ነው። ዳር ዳሩን መትከል አይጠቅምም።

ለሚቀጥለው ወቅት ችግኝ ስታዙ በማሳችሁ ላይ ባለፉት ሁለት ወቅቶች ምን እንደነበረ ንገሩን፤ ዝርያውን አብረን እንመርጣለን። የምትጠራጠሩት ሥር ካለ ከነአፈሩ ቆፍራችሁ በፌስታል አስራችሁ፣ ከፀሐይ ከልላችሁ በዚያው ቀን አምጡልን። አብረን አጥበን እናየዋለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም። ከማሳ ወደ ማሳ ስትሄዱ ዶማውንና የቦቲውን ጭቃ ማጠብ አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ማፍያው ባልደረቦች
መቂ