ለተማሪ አካውንት የደመወዝ ደብዳቤ ለምን?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የእህቴ ልጅ ከደሴ መጥታ ስድስት ኪሎ ትማራለች። የምታድረው ዶርም ነው። እናቷ በየወሩ 3,000 ብር ትልክላታለች። እስካሁን ብሩ የሚገባው በእኔ አካውንት ነበር፤ እኔ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ልጅቷ ግን 19 ዓመት ሞልቷታል። የራሷ ደብተር ይኑራት ተባባልንና አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ቅርንጫፍ ሄደች። ተራዋ ሲደርስ "የገቢ ማስረጃ አምጪ" አሏት። ተማሪ መሆኗን ስትነግራቸው "እንግዲያው የወላጅ የደመወዝ ደብዳቤ ይምጣ" አሉ። እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። ማን ፈርሞ ማን ማህተም ይመታላታል?

ልጅቷ ክፍል አምልጧት፣ ፊቷ ጠቁሮ ቤቴ መጣች። እኔ ባንክ ቤት ደንበኞች አገልግሎት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሷ የሄደችበትን ቅርንጫፍ ለማሳጣት አይደለም። መስከረም በመጣ ቁጥር በዚሁ ምክንያት ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ልጆች ስላሉ ነው።

የደመወዝ ደብዳቤ የብድር ወረቀት ነው። ባንክ ገንዘብ ሲያበድር "ከምን ትከፍለኛለህ?" ማለቱ ትክክል ነው። ተራ የቁጠባ ሂሳብ የሚከፍት ሰው ግን ገንዘቡን ሊያስቀምጥ ነው የመጣው። ታዲያ ጥያቄው ከየት ይመጣል? ከቅጹ ነው። አካውንት መክፈቻ ቅጽ ላይ "ሥራ"፣ "የገቢ ምንጭ"፣ "የወር ገቢ" የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። እነሱም ያለ ምክንያት አልተቀመጡም። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል። ማወቅ ማለት ግን ለተማሪ ሁሉ ደመወዝ መፈለግ ማለት አይደለም። ደንበኛው ማን እንደሆነና ብሩ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቃል፣ መልሱ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል።

ለእህቴ ልጅ እንዲህ ብለሽ ሙዪ አልኳት። ሥራ፦ ተማሪ። የገቢ ምንጭ፦ ከእናት የሚላክ ድጋፍ። የወር ገቢ፦ 3,000 ብር። "ዜሮ ብዬ ብጽፈውስ?" አለችኝ። ዜሮ እውነት አይደለም። በየወሩ ብር እየገባ ዜሮ ብሎ የተሞላ ቅጽ ቆይቶ ጥያቄ ያስነሳል። ትልቅ ቁጥር መጻፍም እንደዚያው ነው። ባንኩ ያንን ቁጥር ይዞ ነው የአካውንቱን እንቅስቃሴ የሚያየው። 3,000 ብላ የሞላች ልጅ አካውንት ውስጥ አንድ ቀን 150,000 ብር ገብቶ በማግስቱ ቢወጣ ትጠራለች። ይህን የምለው ተማሪዎችን "አካውንትሽን አንዴ ላስገባበት፣ የሻይ እሰጥሻለሁ" የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ብሩ የማጭበርበር ሆኖ ሲገኝ የሚፈለገው የአካውንቱ ባለቤት ነው። ያ ሰውዬ ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል።

"ተማሪ" ለሚለው ማስረጃው የትምህርት ቤት መታወቂያ ነው። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ገቢ ሆና መታወቂያ ገና ካልተሰጣት ከሬጅስትራር ማህተም ያለበት የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ታወጣለች። ያችን ደብዳቤ ማውጣት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ጉልት ላይ ላለች እናት ደመወዝ ከመፈለግ ግን እጅግ ይቀላል።

ማንነቷን የሚያረጋግጠው ዋናው ሰነድ ደግሞ ፋይዳ ነው። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ አካውንት ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። ይህ ከክልል ለመጡ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። ፋይዳ የየትኛውም ወረዳ አይደለም። ደሴ የተመዘገበች ልጅ አራት ኪሎ ላይ ያው ሰው ናት። "የአዲስ አበባ መታወቂያ ከሌለሽ" የምትባል ልጅ ካለች አትደንግጥ። ለአካውንት ብላ ከቀበሌዋ መሸኛ ማውጣት አይጠበቅባትም። አድራሻ ሲጠየቅ የዶርሟን ሕንፃና የክፍል ቁጥር ትጻፍ፣ ከጎኑ የቤተሰቧን።

የእኛ ሁለተኛ ችግር የመጣው ግን ከዚሁ ከፋይዳ ነው። በሳምንቱ አብሬያት ሌላ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ትሁት ነበረች። ቁጥሩን አስገባችና "ስልክሽ ላይ ኮድ ይገባል፣ ንገሪኝ" አለቻት። የልጅቷ ስልክ ላይ ምንም የለም። ጠበቅን። ኋላ ነው ትዝ ያላት። ደሴ ስትመዘገብ የራሷ ስልክ አልነበራትም፤ ያስመዘገበችው የእናቷን ቁጥር ነው። ደወልን። እናቷ ደንበኛ ላይ ናት፣ ገበያው ይጮሃል። "የቱ ነው? ይሄ ከላይ ያለው?" ትላለች። መነጽሯ ቤት ቀርቷል። ጎረቤቷ ወስዳ አንድ በአንድ ስታነብልን ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና ተላከ፣ እንደገና አለፈ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር ተነሳን።

መፍትሔው ፋይዳ መመዝገቢያ ጣቢያ ሄዶ ስልኩን ማስቀየር ነው። እሷው ራሷ በአካል መሄድ አለባት፤ እኔ ልሄድላት አልችልም። ስለዚህ ልጁን ወደ ከተማ የሚልክ ወላጅ ከመሸኘቱ በፊት አንዲት ነገር ይጠይቅልኝ፦ ፋይዳህ ላይ ያለው የማን ስልክ ነው? እግረ መንገዱን የስሙን አጻጻፍ ይይ። የአያት ስም ፋይዳ ላይ "ሀይሌ"፣ የተማሪ መታወቂያው ላይ "ኃይሉ" ከሆነ ከመስኮቱ ያስመልሳል።

ዕድሜው 18 ያልሞላ ተማሪ ነገሩ ይለያል። በቤተሰብ ሕጋችን ገና አካለ መጠን አላደረሰም። ስለዚህ ወላጅ ወይም ሞግዚት የራሱን መታወቂያና የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ይከፍትለታል።

እኛ ቁጥሩ ከተቀየረ በኋላ ተመልሰን ሄድን። ይዛ የገባችው ፋይዳዋን፣ የተማሪ መታወቂያዋን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና ለመክፈቻ የሚሆን ትንሽ ብር ነው። ጉርድ ፎቶ የማይጠይቅ ባንክ አለ፤ ቢሆንም መያዙ አይጎዳም። ካርዱ ላይ የፊርማ ናሙና ስትሰጥ እጇ ተንቀጠቀጠ። ከዚህ በፊት ቋሚ ፊርማ ኖሯት አያውቅም። ዋዜማውን ወረቀት ላይ ስትለማመድ አምሽታ ነበር፤ ሦስቱም ፊርማ አንድ ዓይነት ወጣላት።

ባንኮችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ያሉ ቅርንጫፎች በር ላይ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይለጥፉ። "ተማሪ ከሆኑ ይዘው የሚመጡት" ይበል። ከሥር "የገቢ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ማን እንደሚረዳዎት ቅጹ ላይ ይሙሉ" ተብሎ ይጻፍ። አዲስ የተቀጠረው ሠራተኛም እሱን አይቶ ይመልሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፣ ከፒያሳ