አደይ ካለፈ በኋላ ስለተወሰድንበት የወሎ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከጥቅምት 9 እስከ 11 ስለተደረገው «አደይ በወሎ» ጉዞ ከፊል ክፍያ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ከእናቴና ለሁለት ወር ፈቃድ ከውጭ ከመጣችው እህቴ ጋር ሦስት ሆነን የሄድን ደንበኞቻችሁ ነን። ለእያንዳንዳችን 4,800 ብር፣ በድምሩ 14,400 ብር ከፍለናል። ደረሰኙን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ሰኞ ዕለት ቢሯችሁ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ተፈጥሮን ማዘዝ አንችልም» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አትችሉም። ጉዞው በተባለው ቀን በመስከረም 18 ተደርጎ፣ ዝናቡ አጥሮ ወይም በረዶ መትቶት አበባ ባናገኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ያ የእኔ ዕድል ነው። ቀኑን የቀየረው ግን ተፈጥሮ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ መስከረም 15፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዘጠኝ ሰው ብቻ ስለተመዘገበ ኮስተሩ አልሞላም ተባለ። ጉዞው ወደ ጥቅምት 9 ተገፋ። ሃያ አንድ ቀን መሆኑ ነው። ካልተስማማሁ ከከፈልኩት 30 በመቶ እንደሚቆረጥ ተነገረኝ። አበባው አያልፍም ወይ ብዬ ስጠይቅ በስልኬ የመጣልኝ መልእክት ይኸውና፦ «አይዞሽ እህቴ፣ አደይ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አለ።» መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

አለ፤ ግን የት? ጥያቄው እሱ ነው። መልእክቱን የላከችልኝ የቢሯችሁ ልጅ የዋሸችኝ አይመስለኝም። ኢትዮጵያን በሙሉ ካሰብን፣ በጥቅምትም አንድ ደጋ ላይ አደይ አይጠፋም። እኛ ግን የከፈልነው ደሴ አጠገብ ያለውን ቦሩ ሜዳን ለማየት ነው።

አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው። እንደ ጽጌረዳ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ግንድ የለውም። ክረምቱ ሲገባ ይበቅላል፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ጠጥቶ ያድጋል፣ ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። አንድ ቦታ ላይ ያለው አበባ በብዛት የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ደግሞ ከፍታው ይወስነዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ። በመሐላቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ነው ያለው፤ በሐረጎ ወጥተን ስንደርስ ግን ሁላችንም ሹራብ ደረብን። በየመቶ ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ ልዩነቱ አራት ዲግሪ ያህል ነው። ታች ያለው ቶሎ ያብባል፣ ቶሎም ያልፋል። ላይ ያለው ይዘገያል። አንድ ቀን ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ወደ ላይ መውጣት ነው ያለበት። እናንተ ወደ ታች ወሰዳችሁን፤ እመለስበታለሁ።

ከከፍታው በላይ የሚያስቸግረው ግን የገበሬው ማጭድ ነው። ማስታወቂያችሁ ስለሱ አንድ ቃል የለውም። ቦሩ ሜዳ ላይ አደዩ የሚያብበው ለከብት መኖ በተከለለ ሣር መሐል ነው። ሣሩ ሲደርስ ይታጨዳል፣ አደዩም አብሮ ይታጨዳል። አበባው አላለቀም ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። አክስቴ እዚያው ነው የምትኖረው። መስከረም 16 ስደውልላት «ሜዳው ቢጫ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ መስቀል ሲያልፍ እኮ ሣር እንገባለን» አለችኝ። መስከረም 27 ደግሜ ደወልኩ። «አጭደን ከመርን» አለች።

ያንኑ ቀን ለቢሯችሁ ደውዬ ነገርኳችሁ። ሁለት ሐሳብም አቀረብኩ። ወይ ገንዘቤን መልሱልኝ፤ ወይም መርሐ ግብሩን ቀይራችሁ ከደሴ በወረኢሉ መንገድ ወደ ጉጉፍቱ ውሰዱን። ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ የታወቀ ነው፣ አደይ ቢቀር የሚቀረው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። እርግጠኛ ባልሆንም ዕድል ነበረን። «ሆቴልና ምሳ ተይዟል፣ መንገዱ አይቀየርም» ተባልኩ።

አርብ ጥቅምት 9 ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ጣርማ በር ስንደርስ በመንገዱ ዳር ቁልቁለቱ ላይ አልፎ አልፎ ቢጫ አየን። እናቴ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። አስጎብኚው ልጅ «ደሴ ከዚህም ይበልጣል» አለ። እኔ ደግሞ ልቤ ሰጋ። ጣርማ በር ከደሴ ከፍ ያለ ነው። እዚያ አልፎ አልፎ ብቻ ከቀረ ደሴ ምን ይኖራል? ሸዋሮቢት ወርደን፣ ከሚሴን አልፈን እስክንገባ ድረስ አንድም አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ደረስን። ሜዳው ተላጭቷል። የሣሩ ክምር እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ከብቶቹ ቃርሚያውን ይግጣሉ። ከመንገዱ ዳር ማጭድ ያልደረሰበት ጥግ ላይ ጥቂት አደይ ቆሞ ነበር። ወርጄ አየሁት። ቢጫዎቹ የአበባው ቅጠሎች ረግፈዋል። መሐሉ ያለው ክብ ጠቁሯል፣ በጣት ሲታሽ ፍሬው እጅ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይጠቅማችኋል። አደይ አንድ አበባ ይመስላል እንጂ መሐሉ ያለው ክብ የብዙ ጥቃቅን አበባዎች ስብስብ ነው። እነዚህ የሚከፈቱት ከዳር ጀምረው ወደ መሐል ነው። ዳር ዳሩ ተከፍቶ መሐሉ ገና እምቡጥ ከሆነ አበባው ገና ጀማሪ ነው። እስከ መሐል ከተከፈተ ሊያልፍ ነው። ሁሉም ከጠቆረ አልቋል። አካባቢው ላይ ያለ ሰው በስልኩ አስጠግቶ አንድ ፎቶ ቢልክላችሁ ቀን ለመቁረጥ ይበቃል። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ስልክ መደወል ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም።

ከምሳ በኋላ ወደ ሐይቅ ወረድን። ወረድን ስል ወረድን ማለቴ ነው። ሐይቁ ከደሴ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፣ አደይ ከቦሩ ሜዳ ካለፈ እዚያ የሚጠበቅ ነገር የለም። ለመዝናናት ከሆነ እሺ፣ ሐይቁ ያምራል፣ ዓሣውም ጥሩ ነበር። ነገር ግን መንገድ ላይ ኮስተሩ ቆመና «ይኸው አደይ!» ተባልን። ሰዉ ሁሉ ወርዶ ፎቶ ተነሳ። በጤፍ ማሳ ዙሪያ የተዘራ ኑግ ነበር!

ኑግ ከሩቅ ማንንም ያሳስታል፣ ቢጫ ነው፣ መልኩም ይቀራረባል። የሚያብበውም አደይ ሲሸኝ ነው። ቅጠሉን ያየ ግን አይሳሳትም። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የኑግ ቅጠል ደግሞ ሙሉ፣ ረዘም ያለና ሻካራ ነው። ደግሞ አደይ በመስመር ማሳ አይከብም። ገበሬው ኑጉን ዳር ዳሩን የሚዘራው ከብት ስለማይበላው ነው፤ ጤፉን ያጥርለታል። እናቴ ይህን ለአስጎብኚው ስታስረዳው ልጁ በኀፍረት መሬት መሬቱን ያይ ነበር። «እማማ፣ እኔ እኮ የተባልኩትን ነው ያሳየሁት» አላት። ልጁን አልከስም፣ ትሁት ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አደይን በጎዳና ላይ እቅፍ ተሽጦ ካልሆነ በሜዳ አይቶት አያውቅም። ጥፋቱ የላከው ሰው ነው። ከእኛ ጋር የነበሩት ግን እስካሁን የኑግ ፎቶ «አደይ» ብለው ለዘመድ እየላኩ ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ሆቴሉን ተኝተንበታል፣ ምሳውን በልተናል፣ መኪናው በሰላም መልሶናል። ለእነዚህ የከፈልኩትን አልጠይቅም። ከአንድ ሰው 2,000 ብር፣ ለሦስታችን 6,000 ብር እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። በማስታወቂያችሁ ላይ ጉዞው የተሸጠው በአበባው ስም ነው፣ አበባውን ደግሞ ወይ አላያችሁትም ወይ አልጠየቃችሁም። እህቴ ፈቃዷ የሚያበቃው በኅዳር መጀመሪያ ነው። «በሚቀጥለው ዓመት በቅናሽ እናስኬዳችኋለን» የሚለውን ግብዣ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ለእሷ የሚቀጥለው ዓመት መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ሌላው ጥያቄዬ ውላችሁን ይመለከታል። አበባ ወይም የወፍ ፍልሰት ለማየት የሚሸጥ ጉዞ ከአምስት ቀን በላይ ከተገፋ ደንበኛው ያለ ምንም ቅጣት ገንዘቡን እንዲወስድ ጻፉበት። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ሦስት ሳምንት ቢዘገይ አብያተ ክርስቲያናቱ እዚያው ይጠብቁታል። አደይ አይጠብቅም። ሁለቱን ጉዞ በአንድ ዓይነት የመሰረዣ ደንብ መሸጥ አይሆንም። የመኪናው አለመሙላት የእናንተ ሥጋት ነው። የዝናቡ የእኔ ይሁን፣ ተስማምቻለሁ።

መልሳችሁን እስከ ጥቅምት 30 እጠብቃለሁ። ገንዘቡ ክፍያው በተፈጸመበት በዚያው ሒሳብ ቁጥር ሊገባ ይችላል። ካልተመለሰልኝ ደረሰኙንና መልእክቱን ይዤ ወደሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል እሄዳለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የደረሰኙ ቅጂ፣ የስልክ መልእክቱ ፎቶና አንድ ትንሽ ፖስታ አለ። ፖስታው ውስጥ ያለው ቅዳሜ ጠዋት ከቦሩ ሜዳ መንገድ ዳር የቀነጠብኩት የአደይ ራስ ነው። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ፍሬው ጠረጴዛችሁ ላይ ይበተናል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ